ከላሊበላ የተመለሱ ተሳላሚዎችን ለመቀበል የሚደረግ የሽማግሌ ንግግር፦ ከዝግጅቱ እስከ ምርቃቱ

አጎቴ ባሕር ዳር ውስጥ የአንድ የሰፈር ማኅበር ሽማግሌ ናቸው። አምና ለገና ላሊበላ ወርደው የተመለሱትን ጎረቤቶቻችንን ለመቀበል ድግስ ሲደገስ ንግግሩን እንዲያደርጉ ተጠየቁ። ከሳምንት በፊት ደብተር ይዘው ቤቴ መጡ። «ታሪክ ማውራት አያቅተኝም፤ እነዚህን ሰዎች ግን እንዴት አድርጌ ነው የምቀበላቸው?» አሉኝ። ካቻምና የሆነውን ሁለታችንም አይተናል። ሌላ አባት ተነሥተው የዛጉዌ ነገሥታትን ታሪክ 40 ደቂቃ ያህል አወሩ። የሄዱት ሰዎች ስም አንድ ጊዜ እንኳ አልተነሣም። ከመንገድ የመጡት እናቶች ወንበር ላይ አንቀላፉ፤ ወጡም ቀዘቀዘ።

አጎቴና እኔ ያደረግነውን በተራ እጽፋለሁ። እንዲህ ያለ ንግግር ለተጠየቁ አባትም ሆነ ለሚያግዛቸው ልጅ ይሆናል።

ቀኑን አስቀድመው ይወስኑ

ንግግሩ የሚያምረው ቀኑ ሲያምር ነው። ገና ታኅሣሥ 29 ከዋለ የኛ ሰዎች ታኅሣሥ 30 ወይም ጥር 1 ከላሊበላ ይነሣሉ። ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ይጾማል። ከዚያ ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ ተከትለው ስለሚመጡ ሰው ሁሉ ከታቦቱ ጋር ነው። ስለዚህ የቀረው ከጥር 2 እስከ ጥር 9 ያለው ነው። በነዚህ ስምንት ቀናት ውስጥ ሁልጊዜ ቢያንስ አንድ እሑድ አይጠፋም። ረቡዕና ዓርብ ጾም ስለሆነ ለድግስ አይሆኑም። ጥር 7 ሥላሴ ነው፤ የሥላሴ ማኅበር ያላቸው ሰፈሮች ሁለቱን አንድ ላይ ያደርጋሉ።

አንድ ነገር ልብ ይበሉ። በዘመነ ዮሐንስ ገና የሚውለው ታኅሣሥ 28 ነው። በ2016 ዓ.ም. እንዲያ ነበር፤ ቀጣዩ 2020 ነው። በዚያ ዓመት ቆመው «ታኅሣሥ 29 በላሊበላ» ቢሉ ቄሱ ቀና ብለው ያዩዎታል፤ ተሳላሚዎቹም ያውቁታል።

እንደመጡ በማግስቱ አይደግሱ። ከላሊበላ በጋሸና፣ በደብረ ታቦርና በወረታ አድርጎ ባሕር ዳር ለመግባት ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። በቅጥቅጥ ቀኑን ሙሉ የተቀመጠ ሰው ወገቡ እስኪፈታ ሁለት ሦስት ቀን ይፈልጋል። ያላረፈ ሰው ቢያሞግሱትም አይሰማዎትም።

ሦስት ሰዎችን ጠይቀው ይያዙ

ትልቁ ሥራ ይሄ ነው። አጎቴ ለንግግሩ ከሰጡት ጊዜ አብዛኛውን የወሰደው መጠየቁ ነበር። ጉዞውን ያስተባበረውን ሰው፣ አብረው ከሄዱት በዕድሜ ትልቋን እናት፣ ከሁሉም ታናሹን ልጅ ቤታቸው ሄደው ጠየቁ። ለሦስት የሆነው በምክንያት ነው። አስተባባሪው ስምና ቀን ያውቃል። እናቲቱ ማን ታመመ፣ ማን ማንን ደገፈ የሚለውን ታውቃለች። ልጁ ደግሞ ትልልቆቹ ተራ ነገር ነው ብለው ያለፉትን ያያል።

የጠየቁት ይህን ነው፦ ማን ሄደ? ማን መሄድ ፈልጎ ቀረ? መንገድ ላይ ምን አጋጠመ? ማን ምን ላከ? ምን ይዛችሁ መጣችሁ?

መልሶቹ ንግግሩን ሠሩት። አስተባባሪው ደብረ ታቦርን አልፈው ክምር ድንጋይ አካባቢ ጎማ እንደፈነዳ ነገራቸው። ሌሊት ነበር። የጉና ብርድ የሚታወቅ ነው። ወጣቶቹ ጋቢያቸውን አውልቀው ለእናቶቹ ደረቡላቸው። እናቲቱ ደግሞ ስለ እግሯ አወራች። ላሊበላ የደረሱት በማታ ነው። እግሯ ከማበጡ የተነሣ ጫማዋ አልወልቅ ብሎ ነበር። የከተማው ሰው ለገና የመጣውን እንግዳ እግር ያጥባል። አንዲት የአገሩ ልጅ የጫማዋን ማሰሪያ በጥርሷ ፈትታ፣ ለብ ባለ ውኃ ጣት በጣት አጥባ፣ ጉልበቷን ስማ ተነሣች። ልጁ ያወራው ደግሞ ሌላ ነው። ጎረቤታችን ያሉ አንድ አባት፣ ከአልጋ ከዋሉ ዓመት የሆናቸው፣ ለልጁ በጋዜጣ የተጠቀለለ ጧፍ ሰጥተውት ነበር። እሱም ቤተ ማርያም አብርቶላቸዋል። ለማንም አልተናገረም። ስለተጠየቀ ነው የተናገረው።

አንድ ጥብቅ ነገር ልጨምር። ስለት የሰው ምሥጢር ነው። ማን ስለ ምን እንደተሳለ ቢነግሩዎት እንኳ በአደባባይ አያንሡት። «ልጅ እንዲሰጣት ሄዳ ነበር» ብለው በደግነት ቢናገሩ ያቺ ሴት ዓመቱን ሙሉ ሰው ሆዷን ያያታል። የሰውን ስም ከአንድ ታሪክ ጋር አያይዘው ሊያነሡ ከሆነ ባለቤቱን አስቀድመው ያስፈቅዱ። አጎቴ ስለ ጧፉ የታመሙትን አባት ራሳቸውን ሄደው ጠየቋቸው። አባትዬው ትንሽ ዝም ብለው «ይሁን፣ ተናገረው» አሉ።

ከቄሱ ጋር ይስማሙ

የሽማግሌ ምርቃትና የካህን ቡራኬ ይለያያሉ። ሽማግሌ መስቀል አያሳልምም፣ አይፈታም፣ የሞቱትን ስም እየጠራ አያሳርግም። ያ የካህኑ ነው። ይህ ካልተለየ ወይ ሁለቱም አንድ ነገር ይደግማሉ፣ ወይ አንዱ ሌላውን ይጠብቃል።

እኛ ከቄሱ ጋር የተስማማነው ተራ ይህ ነበር። መጀመሪያ ካህኑ ጸሎት ያደርሳሉ፣ ዳቦው ይባረካል፣ ይቆረሳል። ዳቦው ሲታደል አጎቴ ተነሥተው የመቀበያውን ንግግር ያደርጋሉ። ከዚያ ማዕድ ይቀርባል። ተበልቶ ጠላው ሲዞር ከተመለሱት አንድ ሰው ያየውን ይናገራል። ከሱ በኋላ አጎቴ ዳግም ተነሥተው ይመርቃሉ። መዝጊያው የካህኑ ነው።

ንግግሩን ለሁለት የከፈልነው ለዚህ ነው። መቀበያው ከምግብ በፊት አጭር ይሁን፣ ከ8 ደቂቃ አይለፍ። ምርቃቱ ሰው ከጠገበና ካረፈ በኋላ ይሁን። የራበው ሰው አሜን የሚለው በግማሽ ልቡ ነው።

የመቀበያው ንግግር

አጎቴ ያሉትን ከሞላ ጎደል እጽፈዋለሁ፤ በየመሐሉ ለምን እንዲያ እንዳሉ አስረዳለሁ።

«በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን። አባቶቼ፣ እናቶቼ፣ ወንድሞቼ፣ እኅቶቼ፣ እንኳን በጤና ተገናኘን። እናንተ ከላሊበላ የመጣችሁ፣ እንኳን በሰላም ለቤታችሁ አበቃችሁ።»

እዚህ ላይ ማቆም አለ። ተሳላሚዎቹ «እንኳን ደህና ቆያችሁን» ብለው ይመልሳሉና ጊዜ ይስጧቸው። ተናጋሪው ሳያቆም ካለፈ ሰላምታው አንድ ወገን ብቻ ይሆንና አዳራሹ ከዚያ በኋላ ዝም ብሎ አዳማጭ ሆኖ ይቀራል።

«ከዚህ ደጅ በሌሊት ወጣችሁ። ዛሬ የወጣው ሁሉ ገብቷል። ለዚህ እግዚአብሔር ይመስገን። ስማችሁን ልጥራ።»

አጎቴ ሰው በቁጥር መጥራት አይወዱም። ሃያ ሦስት ሰው ሄደ አላሉም፤ ሃያ ሦስቱንም በስም ጠሩ። የተጠራው ከመቀመጫው ብድግ ይላል፣ ያጠገቡ ሰው ትከሻውን ያቅፈዋል። ሦስት ደቂቃ ያህል ወሰደ። አንድም ሰው አልሰለቸም። ስሙን በወረቀት ይያዙ፤ ተሳስተው አንድ ሰው ቢዘሉ የዚያ ሰው ቤተሰብ ድግሱን ሁሉ ይረሳና ያንን ብቻ ያስታውሳል። እናቶችን «እማማ»፣ መነኮሳይቷን «እማሆይ» እያሉ በሚጠሩበት ይጥሯቸው። ልጆቹንም አይዝለሉ።

«የሄዳችሁት ሁለት ልደት ልታከብሩ ነው። የጌታችንን ልደትና የቅዱስ ላሊበላን ልደት። ከቤተ ማርያም በላይ አፋፉ ላይ የቆሙት ካህናት እንደ መላእክት፣ ከታች ግቢው ውስጥ ያሉት እንደ እረኞች ሆነው ቤዛ ኩሉ ሲሉ በጆሯችሁ ሰምታችኋል። ቤዛ ኩሉ ዓለም ዮም ተወልደ። የዓለም ሁሉ ቤዛ ዛሬ ተወለደ። እኛ ይህን እዚህ በሬዲዮ ሰማን፤ እናንተ ደግሞ ብርዱን ችላችሁ፣ እዚያው ቆማችሁ ሰማችሁ።»

ስለ ቦታው የተባለው ይህ ብቻ ነው። አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት አንድ በአንድ መዘርዘር ለማን ይጠቅማል? የሄዱት አይተውታል። ያልሄዱት ደግሞ ካዩት ሰዎች ቢሰሙት ይመርጣሉ። ቦታውን በአንድ ድምፅ ወይም በአንድ ነገር ብቻ ያንሡ፣ ሌላውን ለተሳላሚው ይተዉለት።

«ጉና ላይ መኪናው ሲቆም ልጆቻችን ጋቢያቸውን አውልቀው ለእናቶቻቸው አለበሱ። ይህን የሰማሁት ከአስተባባሪው ነው፤ ልጆቹ አልነገሩኝም። እማማን ደግሞ የላሊበላ ልጅ እግራቸውን አጥባለች። የማታውቃቸውን። እማማ፣ ያ እግር ዛሬ እኛ ቤት ገብቷል፤ እኛም ደስ ብሎናል።»

እማማ እዚህ ላይ ነጠላዋን ወደ ዓይኗ ወሰደች። አጎቴ አልጨመሩበትም። ሰው ልቡ ሲነካ ወዲያው ሌላ ቃል አይደርቡ። ትንሽ ይቁሙ፣ ውኃ ይጠጡ።

የመንገዱን ሥጋት ግን አይዘርዝሩ። የሄዱትም፣ ደጅ ደጅ እያዩ የጠበቁትም ያውቁታል። ስልክ አልሠራ ብሎ ሁለት ሌሊት ያልተኛች እናት አዳራሹ ውስጥ አለች። «በሰላም ገባችሁ» የሚለው ቃል ለሷ ሁሉንም ይዟል። ወደ ፖለቲካ ከገቡ ድግሱ የሌላ ነገር ይሆናል።

አሁን ወደ ቀሩት ይሻገሩ። ይህን ክፍል ብዙ ሰው ይረሳዋል።

«ሁሉም ሰው አልሄደም። ልጅ የያዘች አለች። ሱቅ የጠበቀ አለ። ጉልበቱ እምቢ ያለው አለ። ጋሼ ከአልጋቸው ሆነው ጧፍ ልከው ነበር። ጋሼ፣ ጧፍዎ ቤተ ማርያም በርቷል። ልጃችን እስኪያልቅ ድረስ አጠገቡ ቆሟል።»

ጋሼ በሰው ተደግፈው መጥተው ጥግ ላይ ተቀምጠው ነበር። ልጁ ከመቀመጫው ተነሥቶ ሄዶ ጉልበታቸውን ሳመ። ይህን አላቀድነውም። ግን ጋሼን ጥግ ላይ ሳይሆን መሐል ብናስቀምጣቸው ይሻል ነበር። ስም የሚነሣውን ሰው የት እንደሚቀመጥ አስቀድመው ያስቡ።

«በሉ፣ ማዕዱ ደርሷል። እንብላ። በኋላ እናንተ ትነግሩናላችሁ፣ እኛ እንሰማለን።»

ከተሳላሚ አንድ ሰው ይናገር

ማን እንደሚናገር በዋዜማው ይወሰን። አዳራሽ ውስጥ «ማን ይናገርልን?» ብሎ መጠየቅ አይሆንም፤ ሁሉም ይግደረደራል፣ በመጨረሻ የሚነሣው ማይክ የለመደው ነው። እኛ ከጉዞው ታናሹን ልጅ መረጥን። አምስት ደቂቃ ሰጠነው። አፋፉ ላይ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ ቤተ ጊዮርጊስ ምድር ውስጥ የተቀመጠ መስቀል ይመስል እንደነበር ተናገረ። ከአጎቴ ንግግር ይልቅ ልጆቹ የሰሙት እሱን ነው።

ምርቃቱ

ምርቃት ሁለት ሰው የሚዘምረው ነገር ነው። አንዱ ሽማግሌው ነው፣ ሌላው ሕዝቡ ነው። አሜን የሚመጣው ግሥ ላይ ነው። ስለዚህ እያንዳንዱ ዐረፍተ ነገር አጭር ይሁንና በ«ይስጣችሁ»፣ በ«ይባርክ»፣ በ«ያግባው» ይለቅ። ሰው ግሡን ሲሰማ ራሱ ያውቀዋል። «እግዚአብሔር ይባርካችሁ፣ ምክንያቱም እናንተ ባለፈው ሳምንት…» ብለው ከግሡ በኋላ ከቀጠሉ ግማሹ አሜን ይላል፣ ግማሹ ይጠብቃል፣ ከዚያ በኋላ ድምፁ አይገጥምም። የገጠመ መሆኑ የሚታወቀው ከሦስተኛው ወይም ከአራተኛው አሜን ጀምሮ ነው፤ ድምፁ አንድ ይሆንና ወጥ ቤት ያሉት ሴቶች ሳይቀሩ ከዚያ ሆነው ይመልሳሉ።

ተራውም አለው። ከተመለሱት ይጀምሩ፣ ወደ ቀሩት ይሂዱ፣ ከዚያ ወደ ሠሩት፣ ወደ አገሩና ወደ ሐይቁ። አጎቴ ቆመው፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ ዘርግተው እንዲህ አሉ፦

«የተጓዘው እግራችሁ አይታመም።» አሜን።
«የተሳለማችሁት ቦታ በረከቱ ከቤታችሁ ይግባ።» አሜን።
«በልባችሁ የያዛችሁትን እሱ ይስማችሁ።» አሜን።
«መሄድ ፈልጎ ያልሆነለትን ለከርሞ ይበለው።» አሜን።
«ከአልጋ ያለውን ያንሣው።» አሜን።
«ቤት የጠበቁትን፣ ልጅ የያዙትን ዋጋቸውን አያሳጣቸው።» አሜን።
«ወጥ የሠሩትን፣ ጠላ የጠመቁትን፣ ዳቦ የጋገሩትን እጃቸውን ይባርክ።» አሜን።
«አውድማ ላይ ያለውን እህል በረከት ያግባበት።» አሜን።
«ሐይቁ ላይ ታንኳ የሚቀዝፈውን በሰላም ወደ ዳር ያውጣው።» አሜን።
«ለአገራችን ሰላሙን ያውርድልን።» አሜን።
«የዛሬ ዓመት እንዲህ ሰብስቦ ያገናኘን።» አሜን።

«በልባችሁ የያዛችሁትን» የሚለውን ልብ ይበሉት። ስለት የተሳለውን ሁሉ ይነካል፣ ማንንም ግን አይጠቁምም። ልጅ ያጣችውም፣ ሥራ ያጣውም የየራሱን አሜን ይላል። አውድማው የገባው ጥር ስለሆነ ነው፤ በዚህ ወር ከከተማው ወጣ ካሉ እህል ገና እየተወቃ ነው፣ ከማኅበራችንም ገበሬ ዘመድ የሌለው የለም። በሐምሌ ቢሆን ስለ ዝናቡ ይባል ነበር። ታንኳው የገባው ደግሞ ጎረቤቶቻችን ውስጥ ዓሣ አጥማጅ ስላለ ነው። ምርቃቱን ባለበት ወርና በተቀመጠው ሰው ይለኩት። ከአሥር እስከ አሥራ አምስት ዐረፍተ ነገር ይበቃል። ከዚያ ካለፈ አሜኑ እየሳሳ ይሄዳል፤ ሲሳሳ ከተሰማዎት «የዛሬ ዓመት» የሚለውን ብለው ይዝጉ።

ሙስሊም ጎረቤቶቻችንም መጥተው ነበር፤ ምግባቸው ለብቻ ተሠርቶላቸዋል። አጎቴ «ልጅ የያዙትን» ሲሉ ዓይናቸው ወደ እነሱ ሄደ። ጎረቤትየዋ የእማማን የልጅ ልጅ ሳምንቱን ሙሉ ቤቷ ይዛ ነው የከረመችው። ከኋላ «አሚን» ብላ መለሰች።

እምነቱና ጸበሉ

ተሳላሚ ባዶ እጁን አይመለስም። እምነትና ጸበል ይዞ ይመጣል። ይህ የሚታደለው ከምርቃቱና ከካህኑ መዝጊያ በኋላ ነው። ንግግር መሐል ማደል ከተጀመረ ሰው ይነሣል፣ ይጋፋል፣ ምርቃቱም ይበተናል። እምነቱን በትንንሽ ወረቀት ጠቅልሎ በዋዜማው ማዘጋጀት ያዋጣል። ጸበሉን በትንንሽ ፕላስቲክ መቅዳት ይቻላል፤ ጀሪካኑን መሐል አስቀምጦ መቅዳት ግን መፋሰስ ያመጣል።

ለድግሱ ላልደረሱ ሰዎች የሚሆነውን መጀመሪያ ለይተው ያስቀምጡ፣ ካለቀ በኋላ ማግኘት አይቻልም። እኛ ስድስት ጥቅል ለይተን ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ልጁና አጎቴ ስድስቱንም ቤት ለቤት አደረሱ።